«አያመኝም» ያሉት ታካሚ፦ የአንድ የእግር እንክብካቤ ወረቀት የጉዳይ ጥናት

የኮርሱ አሳይመንት አጭር ነበር። ለስኳር ሕመምተኞች የእግር አያያዝን የሚያስተምር አንድ ወረቀት ጻፉ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ያለማንም እርዳታ አንብቦ ሊረዳው ይገባል። ከዚያ ለአንድ ታካሚ አስነብቡትና የሆነውን በሪፖርት አቅርቡ። በሁለት ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከሁሉ በላይ ያስቸገረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሷ ናት።

የመጀመሪያው ረቂቅ

ረቂቁ ሁለት ገጽ ሞላ። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «የስኳር በሽታ በደም ውስጥ ያለው የግሉኮስ መጠን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ በነርቭና በደም ሥሮች ላይ ጉዳት ያስከትላል። የነርቭ ጉዳቱ ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ ይባላል።» ከዚያ ስለ ስኳር ቁጥጥር፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ክብደት ያወራል። እግር ላይ ምን እንደሚደረግ የሚነገረው ከገጹ አጋማሽ በኋላ ነው።

ምክሮቹ ብዙ ነበሩ። ኋላ ላይ ችግር የፈጠሩትን ብቻ ላንሳ፦

«እግርዎን በየቀኑ ይመርምሩ።»
«ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ።»
«ቆዳዎ እንዳይደርቅ ቅባት ይቀቡ።»
«በባዶ እግር አይሂዱ።»
«ምቹ ጫማ ያድርጉ።»
«ሕመም ከተሰማዎት ወይም ቁስል ካለ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።»

ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ከባድ ቃል የለባቸውም። የመግቢያውን ኒውሮፓቲ ካወጣሁ ወረቀቱ ቀላል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቀላልነቱን በቁጥር ለማሳየትም ሞከርኩ። ትምህርት ቤት የተነገረን መለኪያ ፍሌሽ ኪንኬይድ ነው። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቃላትና በቃል ውስጥ ያሉትን ቀለማት፣ ማለትም የድምፅ ክፍሎች፣ ቆጥሮ የክፍል ደረጃ ይሰጣል። «እግርዎን ካላዩ አይተኙ» የምትለውን ወሰድኩ። ሦስት ቃል ናት። እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ቀለም ስቆጥር አሥራ ሁለት ነው፤ በአንድ ቃል አራት ማለት ነው። ሒሳቡ ይህን ሰጠኝ፦

```
0.39 × 3 + 11.8 × 4 − 15.59 = 32.78
```

ሠላሳ ሦስተኛ ክፍል ገደማ! ሳድሶቹን እያጣመርኩ በአነባበብ ስቆጥር እንኳ ሃያ አንደኛ ክፍል ወጣ። ስህተቱ የዓረፍተ ነገሯ አይደለም። ቀመሩ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንድ ግሥ ማን እንዳደረገ፣ ለማን፣ አድርጎ ወይስ ሳያደርግ፣ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይይዛል። ስለዚህ ቃላችን ይረዝማል፤ ረዘመ ማለት ግን ከበደ ማለት አይደለም። ለአማርኛ ወረቀት ይህን ቁጥር ሪፖርት ላይ ማስፈር አንባቢን ማሳሳት ነው ብዬ አምናለሁ። ያለኝ መለኪያ አንድ ብቻ ሆነ፦ ሰው ያነበዋል፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ በራሱ አንደበት ይነግረኛል፣ የሚያሳየኝ ካለም ያሳየኛል።

ንባቡ

ያነበቡልኝ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ስኳር ከታወቀባቸው አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። እግራቸው ቆስሎ አያውቅም። የሚከታተሉበት ክሊኒክ ፈቀደ፣ እሳቸውም ፈቀዱ። «ጋሼ፣ የምፈትነው ወረቀቱን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ያልገባ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ይህን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ካልተባለ ሰው ያልገባውን «ገብቶኛል» ይላል።

ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያንሸራተቱ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «ፔሪፈራል» ላይ ጣታቸው ቆመ። አንድ ጊዜ ሞከሩት፣ ከዚያ ዘለሉት። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገርም አብረው ዘለሉ። ይህን ልብ አልኩ። ሰው አንድ ቃል ሲያቅተው ቃሉን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ቀጥሎ ያለውም ይሄዳል።

አንብበው ሲጨርሱ «ይህን ወረቀት ይዘው ቤትዎ ቢገቡ፣ ነገ የመጀመሪያ ሥራዎ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስኳሬን መቆጣጠር ነዋ።»

ልክ ናቸው። ወረቀቱ መጀመሪያ የነገራቸው ያንን ነው። ስለ እግር ግን እስካሁን አንድ ነገር አልያዙም። ስለዚህ በየምክሩ ሄድን፤ «እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ይንገሩኝ» እያልኩ።

እግርዎን ይመርምሩ የሚለውን «ሁልጊዜ አየዋለሁ» አሉ። እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጎንበስ አሉና ከላይ አዩት። ጥፍሩንና የእግራቸውን ጀርባ ማለት ነው። ውስጥ እግራቸውን ለማየት እግራቸውን ጉልበታቸው ላይ መስቀል አለባቸው። ዳሌያቸው አይታጠፍላቸውም። ከስኳር የሚመጣው ቁስል ደግሞ በብዛት የሚወጣው ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ከጣቶች ሥር ያለው ጉብታ ላይ፣ ጣት ጫፍ ላይ፣ ተረከዝ ላይ። እሳቸው በየቀኑ የሚያዩት ቁስል እምብዛም የማይወጣበትን በኩል ነበር።

ለብ ያለ ውሃን እንዴት እንደሚለዩ ስጠይቃቸው «እግሬን ነክሬ» አሉኝ። ሙቀት የማይሰማው እግር ሙቀት ይለካል ማለት ነው። ወረቀቴ ለብ ያለ ከማለት ውጪ በምን እንደሚለካ አልተናገረም።

ቅባቱን በየጣታቸው መካከል ሳይቀር አዳርሰው ይቀቡታል። «በደንብ እንዲገባ ብዬ ነው» አሉ። በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ግን እርጥበት ሲበዛበት ይነጣል፣ ይላጣል፣ ለፈንገስም ይመቻል። ቅባት መቀባት ያለበት ቦታ ተረከዝና ውስጥ እግር ነው።

በባዶ እግር አይሂዱ የሚለው «ውጪ አልሄድም» ሆኖ ገባቸው። ቤት ውስጥ በካልሲ ነው የሚሄዱት። ቤትም ውስጥ ስንጥር አለ፣ መርፌ ይወድቃል፣ የወንበር እግር ይመታል።

ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደረስን። ሕመም ከተሰማዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

«እኔ ደህና ነኝ ልጄ። እግሬ አያመኝም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ማታ ማታ ያቃጥለኛል እንጂ» ብለው ጨመሩ።

ሁለቱ አነጋገሮች ለእሳቸው አንድ ላይ ይሄዳሉ። ያቃጥላል ማለት ይሰማል ማለት ነው፤ ይሰማል ማለት ደግሞ ቢቆስል አውቃለሁ ማለት ነው። እንደዚያ ግን አይደለም። የተጎዳ ነርቭ ያለምንም ምክንያት ማቃጠልና መውጋት ሊልክ ይችላል። ያው ነርቭ ስንጥር ሲገባ ዝም ይላል። አንድ ሰው እግሩ እያቃጠለው ያው እግሩ ምስማር ላይ ቆሞ ላያውቅ ይችላል። ረቂቄ ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል አልነበረም። እንዲያውም ወረቀቱ በአፉ «ካላመመዎት ይቆዩ» ብሏቸዋል።

ካልሲው ሲወልቅ

ካልሲያቸውን ለማውለቅ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። ከቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር፣ ጉብታው ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ወፍራም መጅ ነበር። ቢጫ ነው። መሃሉ ላይ ግን ጥቁር ነጥብ ነገር አለ፤ ቆሻሻ ይመስላል። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ አልለቀቀም። ከቆዳው በላይ ሳይሆን ከቆዳው በታች ነበር።

እኔ ተማሪ ነኝ፣ መንካት የለብኝም። ሲስተርን ጠራኋት። እሷ አየችውና «ይሄ ደም ነው» አለች። መጅ ሲወፍር ራሱ ጫማ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ሆኖ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫናል። በየእርምጃው ሲጫን ሥጋው ይደማል። ደሙ መጁ ሥር ይጠቁራል። ይህ ቁስል ሊከፈት ሲል የሚሰጠው ምልክት ነው። አንዳንዴም ቁስሉ ተከፍቶ መጁ ከላይ ሸፍኖት ይሆናል፤ መጁ ካልተነሳ አይታወቅም።

ሲስተር ቀጭኗን የናይለን ክር አመጣች፤ ሞኖፊላመንት የምትባለውን። ክሯ ቆዳ ላይ ተጭና ስትታጠፍ የአሥር ግራም ጫና ታሳርፋለች። መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ነክታ ምን እንደሚመስል አሳየቻቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሲሰማዎት እሺ ይበሉ» አለቻቸው። ውስጥ እግራቸውን ሦስት ቦታ ነካች፤ መጁ ላይ ግን አትነካም፣ ደንድኖ ስለሚያሳስት። ዝም አሉ። ክሯ በግልጽ ትታጠፋለች፣ እሳቸው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ጀመርሽ እንዴ?» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ለአፍታ ዝም አልን።

መጁን በዕለቱ የሠለጠነ ባለሙያ በስለት ቀስ እያለ ላጠው። ከሥሩ ቆዳው ሳስቶ ቀልቷል፣ ግን አልተከፈተም። ጫማቸውን አንስቼ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ልክ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ የጫማው የውስጥ ሶል ጫፉ ተገልብጦ ታጥፏል። እንደ እርሳስ የወፈረ እጥፋት ነበር። «ይህን ጫማ ስንት ጊዜዎ ነው?» ስላቸው «ከስድስት ወር ይበልጠዋል፤ በጣም ምቹ ነው» አሉኝ። ምቹ ጫማ ያድርጉ ብሎ የጻፈላቸው የእኔ ወረቀት ነው። ለእሳቸው ምቹ ማለት የማያም ማለት ነው፤ ምንም ጫማ ደግሞ አያማቸውም።

ምን ሆኖ ነው ወረቀቱ የወደቀው

ቃላቱ ከብደው አይደለም። ከፔሪፈራል ኒውሮፓቲና አብረው ከዘለሉት ዓረፍተ ነገር በስተቀር ሁሉንም አንብበዋል፣ ትርጉሙንም ያውቃሉ። የወደቀው ሌላ ቦታ ነው። ወረቀቱ አንባቢው እግሩ የሚሰማው ሰው ነው ብሎ አስቦ ተጽፏል። ሙቀቱን፣ ምቾቱን፣ ሕመሙን ለእግር ትቷል። በዚህ በሽታ መጀመሪያ የሚጠፋው ግን ያ ነው። ስሜት ሲሄድ ማስጠንቀቂያው ወደ ዓይንና ወደ እጅ መዛወር አለበት። ይህ አንድ ሐሳብ ሁሉንም መስመር ይለውጣል።

ስሜት ብቻም አይደለም የሚጠፋው። ትንንሾቹን የእግር ጡንቻዎች የሚያዙ ነርቮች ሲደክሙ ጣቶች እንደ አሞራ ጥፍር ይቆለመማሉ፤ ክብደት ጣት ጫፍና ከጣት ሥር ያለው ጉብታ ላይ ይከማቻል። ላብ የሚያዙት ነርቮች ሲደክሙ ቆዳ ይደርቃል፣ ተረከዝ ይነቃል። የደም ሥር ከጠበበ ደግሞ የተከፈተው አይድንም። ይህን ሁሉ ባውቅም ወረቀቱ ላይ አላስገባሁትም። ለታካሚው የሚያስፈልገው ምክንያት በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የቀረው ሥራ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደረግኩ። መጀመሪያ ስለ ስኳር ቁጥጥር፣ ስለ ሲጋራና ስለ ክብደት የሚያወራውን በሙሉ አወጣሁ። አስፈላጊ ነው፣ ግን የሌላ ወረቀት ሥራ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ማለት ከፈለግን አንባቢው የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ጋሼ እንዳደረጉት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምክር በምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን እንዲመልስ አደረግኩ። «በፍጥነት» የሚለውን ቃል አወጣሁ፤ ለእሳቸው በፍጥነት ማለት የሚቀጥለው ቀጠሮ ነበር፣ ቀጠሮው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ። ሦስተኛ፣ እግር ማየትን ከሌላ ልማድ ጋር አሰርኩት። በየቀኑ ማለት ሰዓት የለውም። ካልሲ ማውለቅ ግን ሰዓት አለው።

ሁለተኛው ረቂቅ እነሆ። አንድ ገጽ ነው። ፊደሉ ትልቅ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ያለው።

እግርዎን በዓይንዎና በእጅዎ ይጠብቁ

ስኳር የእግርን ስሜት ቀስ በቀስ ይወስዳል።
እግርዎ ሳያምዎት ሊቆስል ይችላል።
ማታ ቢያቃጥልዎትም ቁስሉ ላይሰማዎት ይችላል።
ስለዚህ ሕመም አይጠብቁ። ይዩ።

ማታ ካልሲ ሲያወልቁ
መብራት ያብሩ። ይቀመጡ።
ውስጥ እግርዎን ይዩ። ተረከዝዎን ይዩ። በጣቶችዎ መካከል ይዩ።
ውስጥ እግርዎ አልታይ ካለዎት መስታወት መሬት ላይ ያድርጉና በእሱ ይዩ። ወይም የቤት ሰው ይይልዎት።
ካልሲውንም ይዩ። ደም ወይም እርጥበት አለው?

ሲታጠቡ
ውሃውን በክርንዎ ይለኩ። በእግርዎ አይለኩ።
እግርዎን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉ።
በጣቶችዎ መካከል በደንብ ያድርቁ።
ተረከዝዎንና ውስጥ እግርዎን ቅባት ይቀቡ። በጣቶች መካከል አይቀቡ።

ጥፍርና መጅ
ጥፍርዎን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ጠርዙን አይቆፍሩ።
በደንብ የማይታይዎት ከሆነ ሌላ ሰው ይቁረጥልዎት።
መጅ በምላጭ አይቁረጡ። የመጅ መድኃኒት አይለጥፉ። ለነርስ ያሳዩ።

ጫማ
ቤት ውስጥም ጫማ ያድርጉ። በካልሲ ብቻ አይሂዱ።
ከማድረግዎ በፊት እጅዎን ውስጡ ያስገቡ። ጠጠር፣ እጥፋት፣ ምስማር ይፈልጉ።
እግርዎን በእሳት ወይም በሙቅ ውሃ ጠርሙስ አያሙቁ። ካልሲ ያድርጉ።

ዛሬውኑ ይደውሉ
ቁስል፣ ስንጥቅ ወይም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካዩ።
ቀለሙ የተለወጠ ወይም ያበጠ ቦታ ካዩ።
መጅ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ካዩ።
ባያምዎትም ይደውሉ።
ስልክ፦ ____________

አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ
ቁስሉ ከሸተተ ወይም መግል ካለው።
ጣትዎ ወይም እግርዎ ከጠቆረ።
እግርዎ ቆስሎ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት።

ጥቂት ምርጫዎችን ላስረዳ። «የቀላ» ሳይሆን «ቀለሙ የተለወጠ» ያልኩት በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ነው። ቦታው ከዙሪያው ጠቆር ብሎ ወይም አብረቅርቆ ነው የሚታየው። መቅላት የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ክርን ብዬ የጻፍኩት እጅ ብዬ ሳይሆን በምክንያት ነው። በአንዳንድ ሰው የነርቭ ጉዳቱ እጅ ጣት ላይም ይደርሳል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ውሃው ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆኑን ቢያይ ይበልጥ ይታመናል፤ ግን ወረቀቱ ላይ ቁጥር ከገባ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው መስመሩን በሙሉ ይተወዋል ብዬ ተውኩት።

የመጅ መድኃኒቱ ክልከላ ቆዳን የሚያሟሙ አሲዶች ስላሉት ነው። የሚሰማ እግር ሲቃጠል ሰውየው ያወልቀዋል። የማይሰማ እግር ላይ አሲዱ ጤነኛውን ሥጋም ይበላል።

«ባያምዎትም ይደውሉ» የምትለው መስመር የመጀመሪያዋን ገዳይ ዓረፍተ ነገር የተካችው ናት። ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች። መጀመሪያ «ሕመም ባይኖርም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «ሕመምን እንደ ምልክት አይውሰዱ» አልኩ። ይህ ትክክል ነው፣ ግን ሰው አንብቦ ምን ያድርግ? በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ያሉትን ቃል ወሰድኩ። «አያመኝም» ብለው ነበር። ለእሱ የሚመልሰው «ባያምዎትም» ነው።

ሁለተኛው ንባብ

ከአሥር ቀን በኋላ ተገናኘን። መጁ ቀንሷል፣ የውስጥ ሶሉ ተቀይሯል፣ በእጃቸው ሌላ ጫማ ነበር። ወረቀቱን አነበቡ። ጣታቸው የትም አልቆመም። «ነገ የመጀመሪያ ሥራዎ ምንድነው?» ስላቸው «ነገ አይደለም፣ ዛሬ ማታ ነው» አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጫማቸውን አነሱና እጃቸውን ሰደዱበት። ክርናቸውንም እያሳዩ «ይሄ ነው የውሃ መለኪያው» አሉኝ።

ሁሉም ግን አልሆነም። መስታወቱን መሬት ላይ አድርገው ሲሞክሩ ያየሁት ነገር ነው። መስታወቱ ላይ እግራቸው ይታያል፣ ዓይናቸው ግን ዝርዝሩን አይለይም። ጥቁር ነጥቧን ከቆሻሻ መለየት አይችሉም ነበር። የስኳር ሕመም ዓይንንም እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ እግሩ የማይሰማው ሰው ዓይኑም የደከመ መሆኑ ብርቅ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ይዩ» ብሎ መጻፍ ልክ «ሕመም ከተሰማዎት» እንደማለት ነው፤ የሌለውን ነገር መጠየቅ። ስለዚህ ጋሼ ሚስታቸውን ይዘው እንዲመጡ ተነጋገርን። ወረቀቱን ለእሳቸውም አነበብኩላቸው። ሚስትየው መጁ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው «እዚህ ነው አይደል?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ላይ «የቤት ሰው ይይልዎት» የሚለውን ከመስታወቱ በፊት አመጣሁት።

የወረቀቱን ወሰንም ሪፖርቴ ላይ ጻፍኩ። ትምህርት ብቻውን ቁስልን ወይም መቆረጥን እንደሚቀንስ የሚያሳይ በቂ ጠንካራ ማስረጃ እስካሁን የለም። ሰው ያውቃል፣ ልማዱም ትንሽ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሠራው ክትትሉ ነው። የጋሼን መጅ ያገኘው ወረቀቱ አይደለም። ካልሲ መውለቁ ነው። ስሜቱ የጠፋ እግር በየስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በባለሙያ መታየት አለበት። በዚያ ላይ ቅርጹ የተለወጠ ወይም ደም በደንብ የማይደርሰው ከሆነ በየሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። አንድ ጊዜ ቆስሎ የዳነ እግር ደግሞ በየአንድ እስከ ሦስት ወር። ወረቀቱ በቀጠሮዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ነው የሚሸፍነው።

መምህሬ ካነበበችው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ቁስል የሌለው፣ ያበጠና የሞቀ እግርስ?»

አልነበረም። እብጠቱን አንስቻለሁ፣ ሙቀቱን ግን ረስቼዋለሁ። ስሜት የጠፋበት እግር ያለ ቁስል አንዱ ብቻ ሲሞቅና ሲያብጥ አጥንቶቹ እየተሰበሩ ሊሆን ይችላል። ሻርኮ ይባላል። ሰውየው ትንሽ ነው ብሎ ይራመድበታል፣ በየእርምጃው የእግሩ ቅስት ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ እንደ ወለምታ ወይም እንደ ኢንፌክሽን ይታይና ሳምንታት ያልፋሉ። እስኪመረመር ድረስ ማድረግ ያለበት አለመቆም ነው።

ይህን ሁሉ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አይቻልም። ሻርኮ የሚለው ቃልም የታካሚውን ጣት የሚያቆም ሌላ ፔሪፈራል ነው። እጅ የሚችለውን ፈለግኩ። የእጅ ጀርባ ሙቀትን ይለያል፤ አንዱን እግር ከሌላው ጋር ማነጻጸርም ቴርሞሜትር አይፈልግም። «ማታ ካልሲ ሲያወልቁ» በሚለው ሥር አንድ መስመር ገባ፦ «የእጅዎን ጀርባ ሁለቱም እግርዎ ላይ ያድርጉ። አንዱ ከሌላው ይሞቃል?» «ዛሬውኑ ይደውሉ» በሚለው ሥር ደግሞ ሌላ፦ «አንድ እግርዎ ከሞቀና ካበጠ፣ ቁስል ባይኖርም። እስኪታዩ ድረስ አይቁሙበት።»

ሦስተኛውን ቅጂ ለጋሼ ሚስት ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ በቀኙ ላይ አሳረፉ። «እኩል ናቸው» አሉ። ስልክ የሚለው ባዶ መስመር ላይ የሲስተርን ቁጥር በራሳቸው እጅ ጻፉበት።